አይተንፍሱ እና የአማቱ መንጋጋ

የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ «አይተንፍሱ» ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከወፍራሙ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ በማይክሮፎኑ «ትንፋሽ ይሳቡ፤ ያዙት፤ አይተንፍሱ!» እያለ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነውና ስሙ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጠ ከነጋዴው ጋር ሲከራከር፣ ከኋላው የቆመች ሴትዮ ድምፁን ሰምታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀረች። ዞር ብሎ ቢያያት ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ኧረ ተንፍሺ እህቴ! እዚህ ማሽን የለም!» አላት። ሴትዮዋ እስከዛሬ በመንገድ ስታገኘው ትስቃለች።

ሥራው ሰውን ማንሳት ነው። ፎቶ ማንሳት ግን አይደለም፤ ፎቶማ ማንም ያነሳል። እሱ የሚያነሳው ሰው ሆዱ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ አጥንቱ ውስጥ ያለውን ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ምስል ሲበላሽባቸው በሽተኛውን ይቆጣሉ። አይተንፍሱ ግን፣ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ የተበላሸ ምስል ማየት ይወዳል። ከእሱ የሰውን ጠባይ ያነባላ! «ይቺ ፈርታለች። ይሄ ሳል ይዞታል። እሷ ደግሞ የጸጉር መርፌዋን ሳታወልቅ ገብታለች» ይላል፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ።

የጸጉር መርፌ ነገር ሲነሳ አያልቅም። ሲቲ ስካን ማለት ጨረር የሚረጭ ቱቦ በሰውየው ዙሪያ እየተሽከረከረ፣ ከየአቅጣጫው የሚያልፈውን እየለካ የሚሠራ ማሽን ነው። ብረት ሲያጋጥመው ጨረሩ ይዋጥበታል፤ ማሽኑ ከብረቱ ጀርባ ያለውን አያይም። ያላየውን ደግሞ አላየሁም ብሎ አያርፍም፤ ይገምታል። ግምቱ ነው እንግዲህ ከብረቱ እየተነሳ በምስሉ ላይ ነጭና ጥቁር ጭረት ሆኖ የሚፈነጠቀው። በጭረቱ ሥር ያለውን ነገር የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ አይተንፍሱ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ፈታሽ ይፈትሻል፦ ጉትቻ፣ ሐብል፣ መነጽር፣ ቁልፍ፣ ጥርስ።

የኤምአርአዩ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ቤት ጨረር የለም፤ ትልቅ ማግኔት ነው። ምስሉ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ አይነሳም፤ ደቂቃዎች እየፈጀ መስመር በመስመር ይሰበሰባል። በዚያ መሃል ሰውየው ከተነቃነቀ፣ ወይም ደሙ በትልቁ ቧንቧ ድው ድው ባለ ቁጥር፣ ማሽኑ ይደናገርና ያንኑ ነገር እያፈናጠረ ደጋግሞ ይስለዋል። እነ አይተንፍሱ ጥላ ይሉታል። አንድ ጊዜ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጉበቱ ላይ ክብ ነገር ታየና ሰውየው ኑዛዜ ሊጽፍ ደረሰ። ምስል የምታነበው ዶክተር ግን ተጠራጥራ «ጥላው የሚሄድበትን አቅጣጫ ቀይረህ ድገምልኝ» አለችው። ደገመ። ክቡ ነገር ከጉበቱ ተነስቶ ወደ ጎን ተዛወረ። የደም ቧንቧው ጥላ ነበር እንጂ ዕጢ አልነበረም። እውነተኛ ነገር ቢሆን ቦታውን አይለቅም ነበር። ሹፌሩ አይተንፍሱን አቅፎ አገላብጦ ሳመው፤ ዶክተሯን ግን ፈራትና በሩቁ እጅ ነሳት።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በገዛ አማቱ አፍ የተፈተነው።

የአማቱን ነገር ለማውራት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። አይተንፍሱ በጎረምሳነቱ ኳስ ሲጫወት በክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱን አጥቷል። በዚያው ወራት የዛሬ ሚስቱን ወደደና አጎቱን አስከትሎ እናቷ ቤት ሄደ። እናትየው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ምላሳቸው የሰላ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። አይተንፍሱ ሲስቅ አዩት።

«ልጁ መልካም ነው» አሉ ለአጎትየው፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ። «ብቻ በሩ ክፍት ነው። ልጄን ንፋስ ለሚያስገባ ቤት አልድርም። ያዘጋውና ይምጣ።»

ቅስሙ ስብር አለ። ሚስቱ ከበር ውጭ ሆና ትስቅ እንደነበር የነገረችው ከተጋቡ በኋላ ነው። ለማንኛውም ሄዶ አንድ ጥርስ አሠራ፤ በቀጭን ሽቦ የምትያዝ፣ ማታ ማታ የምትወልቅ። ተመልሶ መጣ። አማቱ አገጩን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩትና «እስቲ ሳቅ በል» አሉት። ሳቀ። «አሁን ሰው መሰልክ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥርስ «የኔ ጥርስ» ነው የሚሏት። ቤታቸው በገባ ቁጥር «ጥርሴ እንዴት ናት?» ይሉታል። «ደህና ናት፣ ሰላም ትልዎታለች» ይላል። ሁለቱ በዚህ ቀልድ ዕድሜያቸውን ፈጁት።

የራሳቸው ጥርስ ግን የቤተሰቡ ኩራት ነበር። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንድም አልተነቀነቀብኝ» ይላሉ። ልጃቸውም ይቺን ነገር ለጎረቤት ስትናገር ደረቷን ትነፋለች። ፖም ሲበሉ በቢላ ስስ ስስ አድርገው እየቆራረጡ ነው፤ «ሰው እንደ ሰው ሲበላ እንዲህ ነው፣ እንደ እናንተ መግመጥ የለም» ይላሉ። አይተንፍሱ ይሄን ሁሉ ዘመን በጨዋነታቸው ይቀና ነበር።

አሁን በስተርጅና ምላሳቸው ሥር፣ ከታችኛው መንጋጋቸው አጠገብ፣ ቁስል ወጣ። «ትኩስ ነገር አቃጥሎኝ ነው» ብለው ብዙ ጊዜ ደበቁ። ሲብስባቸው ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ከቁስሉ ቆንጥሮ አስመረመረ። መጥፎው ዓይነት ነበር። ሐኪሙ ልጅና እናትን አስቀምጦ ሳያድበሰብስ ነገራቸው፦ «ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ይቆረጣል። ማወቅ ያለብኝ አንድ ነገር ነው፤ አጥንቱን ነክቷል ወይስ አልነካም? ካልነካ ቁስሉን አውጥቼ እሰፋዋለሁ። ከነካ ግን ከመንጋጋዎ ላይ ቆርጬ አወጣለሁ፣ በምትኩ ከእግርዎ አጥንት ወስጄ እተካለሁ። በርስዎ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ማኘኩም መናገሩም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።»

መናገር! አይተንፍሱን ከሚስቱ ከሰማው ሁሉ ያስደነገጠው ይሄ ነው። እኚህ ሴት ዝም ሲሉ አይቶ አያውቅም። ሲቆጡም፣ ሲመርቁም፣ ሲያሙም በአንደበታቸው ነው። አንደበታቸው ከሄደ ምን ይቀራል?

አጥንቱን የሚያሳየው ሲቲው ስለሆነ ወደሱ ክፍል ተላኩ። እሱ ደግሞ ከማለዳው ጀምሮ አልጋውን ሲያስወለውል፣ ትራስ ሲመርጥ ነበር። አማቱ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡና ዙሪያውን ቃኝተው፣ «አንተ ውጣ» አሉት።

«እንዴ እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ የማነሳዎት።»

«አማች አማቱን እንዲህ ተጋድማ አያያትም። ሴቷ ታንሳኝ።»

ሴቷ የሥራ ባልደረባው ናት። ጥሩ ባለሙያ ናት፤ ብቻ ሥራ ይዛ ስትሮጥ ስለሚያዩዋት «ጥድፊያ» ብለዋታል። አይተንፍሱ በአክብሮት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ እንደማንኛውም አስታማሚ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኩል ወንበሩ ይህን ያህል እንደሚቆረቁር አያውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ጠራችው። የምታነብበት ክፍል ጨለም ያለ ነው፤ ሁለት ስክሪን ብቻ ያበራሉ። ወንበር ሳበችለት። ያኔ ደነገጠ፤ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚያወራት።

«ተመልከተው» አለችው። የአማቱ መንጋጋ ነው። መንጋጋ ይባል እንጂ፣ ከታችኛው ጥርስ እየተነሱ ነጭና ጥቁር ጭረቶች በየአቅጣጫው ተረጭተውበታል። አንዱ ወፍራም ጥቁር ጭረት ልክ ቁስሉ ባለበት በኩል በአጥንቱ ላይ ተጋድሟል። አጥንቱ እዚያ ላይ የተበላ ይመስላል።

«ተበልቷል?» አለ።

«አላውቅም። የጭረቱ ነው ወይስ የአጥንቱ፣ ከዚህ ተነስቼ ብምል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ጭረት የሚቀንሰውን ስሌትም ሞከርኩት። ጭረቱ ቀነሰ፤ ግን ከብረቱ አጠገብ ያለውን ራሱ አጥንቱን አደበዘዘው። ልክ እኔ የምፈልጋትን ቦታ።» ዓይኗን አሸች። «ለቀዶ ሐኪሙ ደወልኩለት። ‹የካንሰር ጥርጣሬ ካለ አጥንቱን ትቼ አልወጣም› አለ። ልክ ነው፤ እኔም እሱን ብሆን አልተውም።»

«ብረቱ ምንድን ነው?»

«ጥድፊያ ጠይቃቸዋለች። የተተከለ ነው፣ አይወልቅም አሏት። የተተከለ ከሆነ ደግመን ብናነሳም ያው ነው፤ በከንቱ ጨረር አላጠጣቸውም።»

አይተንፍሱ ማውሱን ወሰደና መጀመሪያ የምትነሳዋን፣ ከጎን የምታሳየውን ምስል ከፈተ። ከዚያ ወደ ቁራጮቹ ተመልሶ አንድ በአንድ አወረዳቸው። ከግራው የታች ጥርስ ተነስታ፣ ከፊት ጥርሶች ጀርባ በምላሱ ሥር ዞራ፣ ቀኙ ላይ የምትደርስ የብረት ቅስት አለች። ጫፍና ጫፏ ላይ ደግሞ ጥርስ የሚያቅፉ ትናንሽ መንጠቆዎች። ዶክተሯም አየችው፤ እሱም አያት።

«የተተከለ ጥርስ መንጠቆ የለውም» አለች ቀስ ብላ።

«የለውም።»

ሁለቱም ያውቁታል፤ የሚወልቅ ጥርስ ነው። አንድ ሳይሆን ታችኛው ግማሽ በግማሽ! አይተንፍሱ መጀመሪያ ሳቁ መጣ። ፖሙ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ ስስ ስስ ቁራጭ። «ጉድ! ጉድ!» አለ ለራሱ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ ገባው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን በጨው አጥበው የዋሹት ጥድፊያን አይደለም፤ እሱን ነው። «በሩን አዘግቶ ይምጣ» ያሉት ሰው የራሳቸው በር እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ እንዴት አድርገው ፊቱ ያወልቁት? ለቀዶ ሐኪሙ በዝግ ክፍል አውልቀው ይሆናል፤ እሱ ባዳ ነው። እዚህ ግን የአማች ሰፈር ነው።

«ካወለቁ እደግማለሁ» አለች ዶክተሯ። «ቀዶ ጥገናው ግን በዚህ ሳምንት ነው።»

ማታ ሚስቱን በዘዴ ሊያወጣጣት ሞከረ። «እናትሽ ጥርሷን... ማለቴ ሰው ሠራሽ...»

«እማዬ? አንድም አልተነቀነቀባትም!» አለች፣ ደረቷን ነፍታ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና፣ «በዚያ ጥርስ ላይ መንጋጋዋን ሊወስዱባት ነው» ብላ አለቀሰች። አባበላት። ምስጢሩን እሷም እንደማታውቀው ገባው። ሊነግራት ይችል ነበር። ግን የሰው ጓዳ ነው፤ ያውም የእናቷ። አማቱ ጋ ደውሎ ነካ ቢያደርጋቸው ደግሞ፣ «ማሽናችሁ ነው የተበላሸው!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉት።

በማግስቱ በልጃቸው ደጋፊነት እየተጎተቱ መጡ። አይተንፍሱ ሚስቱን ኮሪደር ላይ አስቀመጣት፤ ጥድፊያን «ትንሽ ዞር በይልኝ» አላት። በሩን ዘጋ። አማቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ወደ ግድግዳው ያያሉ።

«ሴቷስ?»

«ዛሬ እኔ ነኝ እማማ።»

«አልኩህ እኮ፣ የኔ የተተከለ ነው።»

ከመደርደሪያው ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አወጣ፤ ለሽንት መቀበያ የሚሆኑት ዓይነት፣ ንጹሕ። አንዱን እሳቸው አጠገብ፣ ሌላውን እፊቱ አኖረ። ከዚያ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን ቀጭ አድርጎ አወለቀና ኩባያው ውስጥ ጣላት። ቀና ብሎ ሳቀላቸው። በሩ ክፍት ነበር።

አማቱ አፈጠጡበት። «ምን እየሠራህ ነው? ጥርሴን ለምን አወለቅሃት?»

«እንዲህ ሆኜ ነው ደጅዎ የመጣሁት» አለ። «ሰ» ፊደል ሁሉ በክፍተቱ በኩል እየሾለከች ታፏጫለች። «ያኔ ያፈርኩት እፍረት እስካሁን ይታወሰኛል። እኔ እርስዎን አላሳፍርዎትም እማማ። ብረቱ አጥንትዎን ጋርዶታል። የተበላም ያልተበላም አይታወቅም። ካልታወቀ ይቆርጡታል። እኔ ደግሞ ሳይናገሩኝ ውለው ማደር አልችልም፤ ማን ነው የሚሰድበኝ?»

እጃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ልጄ ታውቃለች?»

«ከኔ አልሰማችም። አትሰማምም።»

«ዶክተሯስ?»

«ለሷ አጥንት ነዎት። የማንንም ጥርስ አታማም።»

ከዚያ «ዙር» አሉት።

ዞረ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት እንደ አዲስ ያነበው ጀመር። ከኋላው ትንሽ ቀጭታ ተሰማ፣ ከዚያም ኩባያው ውስጥ ቃጭ የሚል ድምፅ። ሲዞር አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ፊታቸው አጥሮ፣ ድንገት ትንሽ ልጅ መስለዋል። አንጀቱን በሉት።

«ሳላገባህ በፊት ነው ያሠራሁት» አሉ ከመዳፋቸው ሥር።

«እኔን አይደለም ያገቡት እማማ፤ ልጅዎን ነው ያገባሁት።»

«አፌ ተሳስቶ ነው፣ ዝም በል!» ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እጃቸውም ወረደ። እሱም ሳቀ። ሁለት ጥርስ የሌላቸው ሰዎች ሲቲ ክፍል ውስጥ ሲንከተከቱ ሚስቱ ከውጭ ሰምታ፣ እናቴ ተሻላት ብላ በደስታ ለአክስቷ ደወለች።

አስተኛቸው። ላይኛው መንጋጋቸው ላይ በእውነትም የተተከለች አንዲት የብረት ጥርስ ነበረች፤ እሷ እንዳትበጠብጥ አገጫቸውን ቀና አድርጎ፣ ጭረቷ ወደ ታችኛው አጥንት እንዳይወርድ አስተካከለ። «ምላስዎን አያንቀሳቅሱ፣ ምራቅዎን አይዋጡ» አላቸው። ከመስታወቱ ጀርባ ገብቶ ማይክሮፎኑን ጫነ። «አይተንፍሹ!» ብሎ በክፍተቱ ሲያፏጭ አማቱ አልጋው ላይ ሆነው ትከሻቸው በሳቅ ተርገፈገፈ። ቁልፉን አልተጫነም። እጁን አጣምሮ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ።

ዶክተሯ ምስሉን ስትከፍት አጠገቧ ቆሞ ነበር። ቁራጮቹን ወደ ላይ ወደ ታች እያመላለሰች አየች። ጭረት የለም። የመንጋጋው ጠርዝ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሳይቋረጥ፣ ስስና ነጭ ሆኖ ይሄዳል። ቁስሉ ከአጠገቡ ነው፤ አልነካውም።

«አጥንቱ ደህና ነው» አለች።

አይተንፍሱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ጥርሱን ሳይመልስ መውጣቱን ያስታወሰችው እሷ ናት።

ነገሩ እዚህ አላለቀም። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ምላስ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀ ማየት ፈለገ፤ ያ ደግሞ የኤምአርአዩ ሥራ ነው። በማግስቱ አማቱን ወደዚያ ረጅም ዋሻ አስገቧቸው። ፊታቸው ላይ እንደ ቅርጫት ያለ መያዣ፣ ጆሯቸው ላይ መድፈኛ። ጥርሶቹ በኩባያቸው ውስጥ ውጭ ቀርተዋል። ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። የመጀመሪያው ምስል ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጥድፊያ «ውይ!» አለች። የአማቱ መንጋጋና ምላስ ጠርዛቸው እየተደጋገመ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ በምስሉ ላይ ተበትኗል። ቁስሉ የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አይለይም።

«እየዋጡ ነው?»

አይተንፍሱ ለአፍታ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «መዋጥ አይደለም። እያወሩ ነው።»

ገብቶ አወጣቸው። «ማንን ነው የሚያወሩት እማማ?»

«ማንንም።»

«ምስሉ እኮ አጋለጠዎት። መንጋጋዎ ላፍታም አላረፈም። ምን እያሉ ነበር?»

«ሥራህን ሥራ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸው ጠርዝ ላይ እርጥበት ነበር፤ አየ፤ አልጠየቀም።

ቁልፉን፣ ቀበቶውን፣ ስልኩን፣ ጥርሱንም ጭምር አውጥቶ ለጥድፊያ ሰጣትና የራሱን ጆሮ ደፍኖ ከእግራቸው ዘንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብልሃቱን ነገራቸው፦ የእግራቸውን አውራ ጣት ጨበጥ ሲያደርግ ጩኸቱ ሊጀምር ነው፤ መዋጥ የለም፣ ወሬ የለም። ለቀቅ ሲያደርግ የፈለጉትን ይዋጡ፣ የፈለጉትን ይሳደቡ። ጥድፊያ በመስታወቱ በኩል እጇን ስታነሳ ይጨብጣል፤ ስታወርድ ይለቃል። የአሮጊቷ እግር ቀዝቃዛ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ሞቆ ነበር። ምስሉም ጠርቶ ወጣ። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። መንጋጋቸው በቦታው ቀረ። ምላሳቸው ግን አብጦ፣ በክር ተሰፍቶ፣ ለሳምንታት ዝምታ ታዘዘባቸው። ቤቱ ያለ እሳቸው ድምፅ ምን እንደሚመስል ሁሉም አየው፤ ማንም አልወደደውም። የሚወልቀውን ጥርስ ሐኪሙ ቁስሉ እስኪደርቅ አይደረግም ስላለ ምስጢሩም በዚያው ወጣ። ልጃቸው የመጀመሪያ ቀን ክው አለች፤ ሁለተኛ ቀን ሳቀች፤ ከዚያ ፖሙን ቀቅላ በማንኪያ ታበላቸው ጀመር። ማንም አልሞተም።

አንድ ከሰዓት አይተንፍሱ ሊጠይቃቸው ሄዶ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። በእጃቸው ቀረብ እንዲል ጠሩት። አገጩን እንደ ድሮው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። የሚናገሩት ቃል ገና ይጎተታል፣ እየተንተባተበ ነው የሚወጣው።

«ያን ቀን... ማሽኑ ውስጥ... ምን እያሉ ነበር ብለኸኝ ነበር።»

«አሁን ምን ያደርጋል እማማ፣ ምላስዎን አያድክሙት።»

«ዝም በል። ስናገር አታቋርጠኝ።» ምራቃቸውን በችግር ዋጡ። «‹ጥርስ ባይኖረውም ልጄን እሰጠው ነበር› ነው ያልኩት። ያኔም። እሰጥህ ነበር። ደጋግሜ እሱን ነው ያልኩት።»

አይተንፍሱ እጃቸውን ሳመና ሚስቱ እንባውን እንዳታይበት ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ያንን የተበላሸ ምስል ከፈተው። መንጋጋቸው እየተደጋገመ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ስክሪኑን ሞልቶታል። ጥድፊያ የሥራ ጋውኗን እየቆለፈች ከኋላው መጣች።

«እሱን እስካሁን አልሰረዝኩትም እንዴ? ለምንም አይሆንም እኮ፤ ላጥፋው?»

«ተዪው» አለ አይተንፍሱ። «እሱ ይቀመጥ።» ከዚያ ማይክሮፎኑን ሞከረና የመጀመሪያውን ሰው አስጠራ።